ቀብዱ በየትኛው ወር ይገባል?

ሻያችሁን ያዙና ስለ ቁጥር ትንሽ እንጫወት። ቦታው ጅግጅጋ ይሁን፤ የሶላር ፓምፕ፣ ፓኔልና ሮቶ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ እንበል። ሱቁ የምናብ ነው፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ገበያው ግን የእውነት ነው። ዕቃው ከበርበራ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ ይገባል፣ ወይም በድሬዳዋና በሐረር በኩል ዞሮ ይመጣል። ገዢውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሐርቲሼክ አቅጣጫ ቢርካ ያለው፣ ወይም በፋፈን ሸለቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ቢሮ ወይም እርዳታ ድርጅት ነው፤ በቀብሪ በያህም ሆነ በአውበሬ ለሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ትልልቁን ፓምፕ የሚገዛው እሱ ነው።

ባለሱቁን «በጥር ስንት ትሸጣለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱን ወዲያው ይሰጣችኋል። የመጡትን ጥያቄዎችና የጻፋቸውን ፕሮፎርማዎች በጣቱ ይቆጥራል፤ ከዚያ «አምስት ሚሊዮን አካባቢ» ይላል። ጥር ሲያልቅ ሳጥኑ ውስጥ የገባው አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ሰውዬው ዋሽቶ አይደለም። ገንዘቡ አለ፣ ብዙውም ይመጣል። የተሳሳተው በወሩ ነው።

የጨዋታችን ርዕስ ይኸው ወር ነው። ስንት እንደሚሸጥ የሚነግረን ጅምር ሽያጮች ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መጠን ነው። መቼ እንደሚሸጥ የሚነግረን ደግሞ አንድ ሽያጭ ተጀምሮ እስኪያልቅ የሚፈጀው ቀን ነው። ብዙ ነጋዴ የመጀመሪያውን ሳያውቀውም ቢሆን ያሰላዋል፤ ሁለተኛውን ግን «ይመጣል» ብሎ ያልፈዋል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በዚህ ሱቅ ሽያጭ ሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ጥያቄ ይመጣል፤ ሰው ይደውላል ወይም ይገባል። ቀጥሎ የጉድጓዱ ጥልቀትና የሚፈለገው የውኃ መጠን ተለክቶ ፕሮፎርማ ይሰጣል። ከዚያ ድርድር ነው፤ ለግለሰቡ የዋጋ ክርክር፣ ለድርጅቱ የግዢ ኮሚቴ። መጨረሻው ቀብድ ነው፣ ወይም በድርጅቱ በኩል የተፈረመ የግዢ ትዕዛዝ። ሽያጭ የምለው ይህንን ብቻ ነው። «ጨርሰናል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ያለ ሰው ገና ድርድር ላይ ነው፤ ፈገግታውን በደብተር አናሰፍርም።

አሁን ባለሱቁ በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ግንቦት የመጡለትን ጥያቄዎች ወደ ኋላ ሄዶ ይከታተል። 100 ናቸው እንበል። ከእነዚህ 45ቱ ፕሮፎርማ ላይ ደረሱ፣ 27ቱ ድርድር ውስጥ ገቡ፣ 18ቱ ቀብድ ከፈሉ። ስለዚህ ገና ጥያቄ ላይ ያለ ደንበኛ ቀብድ የመክፈል ዕድሉ 18 በመቶ ነው። ፕሮፎርማ የያዘው 40 በመቶ ነው፣ 18ን ለ45 ማካፈል ነውና። ድርድር ላይ ያለው ደግሞ 67 በመቶ ገደማ፣ ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የደብተር ሰው ሁሉ የሚገባበት ነው። በታኅሣሥ ወር 15 ጥያቄ መጣ፣ በዚያው ወር 2 ሰው ቀብድ ከፈለ፤ ስለዚህ የምንሸጠው 13 በመቶ ነው ይባላል። እነዚያ ሁለቱ ግን የታኅሣሥ ጥያቄዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባት የጥቅምትና የነሐሴ ናቸው። ገበያው ሞቅ ብሎ ጥያቄ ሲበዛ ይህ አቆጣጠር ሽያጭ የቀነሰ ያስመስላል፣ የሱቁ ሻጭም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ጥያቄ ሲቀንስ ደግሞ የድሮዎቹ ቀብድ ስለሚገባ ሁሉም ጎበዝ ይመስላል። ትክክለኛው መንገድ አንድ ላይ የመጡትን እንደ አንድ መንጋ ይዞ እጣቸው እስኪለይ መከተል ነው። ለዚህ ነው ከግንቦት ወዲህ የመጡትን ያልቆጠርኳቸው፤ ብዙዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ደብተሩን እንክፈት። 20 ሰው ጥያቄ ላይ፣ 10 ፕሮፎርማ ላይ፣ 6 ድርድር ላይ አለ። አንድ ሽያጭ በአማካይ 400 ሺህ ብር ነው። ከ20ዎቹ 3.6፣ ከ10ሩ 4፣ ከ6ቱ 4 ሽያጭ ይጠበቃል፤ ድምሩ 11.6 ሽያጭ ወይም 4 ሚሊዮን 640 ሺህ ብር ነው። የባለሱቁ «አምስት ሚሊዮን አካባቢ» የመጣው ከዚህ ነው፤ እንዲያውም በጣቱ ቆጥሮ መቅረቡ ያስደንቃል።

ይህ ሁሉ በጥር ይገባል ወይ? ደብተሩ ላይ የተጻፉት ቀኖች መልስ አላቸው። የ18ቱን ሽያጮች ቀን ብናይ ከጥያቄ እስከ ቀብድ በአማካይ 75 ቀን ፈጅተዋል። ከፕሮፎርማ እስከ ቀብድ 40 ቀን፣ ከድርድር እስከ ቀብድ 15 ቀን። ስለዚህ ድርድር ላይ ያሉት አራቱ ሽያጮች በጥር ይገባሉ፤ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር። የፕሮፎርማዎቹ አራቱ ወደ የካቲት ይሄዳሉ፣ ያው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ። የጥያቄዎቹ 3.6 ወደ መጋቢት አጋማሽ ይወድቃሉ። ድምሩ አልተለወጠም፤ ለሦስት ወር ተከፋፈለ እንጂ።

በነገራችን ላይ ይህ ደብተር እስከ የት ድረስ አርቆ እንደሚያይም እዚሁ ላይ ይታወቃል። ነገ የሚመጣ ጥያቄ ቀብድ የሚሆነው ከ75 ቀን በኋላ ከሆነ፣ ለየካቲት የሚሆነው ሽያጭ በሙሉ ዛሬ ደብተሩ ላይ አለ ማለት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ ወዲያ ግን ገና ያልደወሉ ሰዎችን መገመት ይጀመራል። «የሰኔን ሽያጭ አሁን ንገረኝ» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ፣ እየጠየቀ ያለው ስለ ደብተሩ ሳይሆን ወደፊት ስንት ሰው እንደሚደውል መሆኑን ንገሩት።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፍ የሚያስተምረው ነው። ጅግጅጋ ላይ ከዚህ አልፎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም 75 ቀን የሚባለው ነገር የለም።

እንዴት? 18ቱን ሽያጮች በገዢ እንለያቸው። 12ቱ ግለሰቦች ናቸው፤ በአማካይ በ30 ቀን ከፈሉ። 6ቱ ድርጅቶችና ቢሮዎች ናቸው፤ በአማካይ 165 ቀን ፈጁ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ስታካፍሉ 75 ይወጣል፤ ልክ ነው። ነገር ግን በ75ኛው ቀን አካባቢ የከፈለ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። የጅግጅጋን ብርድና የአይሻን ቃጠሎ አማክሎ ልብስ እንደ መልበስ ነው፤ ለሁለቱም አይሆንም።

ልዩነቱ በቀን ብቻ አያበቃም። ከ100ዎቹ ጥያቄዎች 40ው የግለሰብ ነበሩ፤ 12ቱ ገዙ፣ 30 በመቶ። 60ው የድርጅት ነበሩ፤ 6ቱ ገዙ፣ 10 በመቶ። ድርጅት ለአንድ ግዢ ከብዙ ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰበስባልና መሸነፉ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ የእናንተ ፕሮፎርማ ለቁጥር ማሟያ ብቻ ተፈልጎ ይሆናል። ዋጋውስ? ግለሰቡ በአማካይ 200 ሺህ ብር ያወጣል፣ ድርጅቱ 800 ሺህ። አማካዩ 400 ሺህ መሆኑ እውነት ነው፤ በ400 ሺህ የሚገዛ ደንበኛ ግን በሩን አንኳኩቶ አያውቅም።

ስለዚህ የጥር 1ን ደብተር ለሁለት እንክፈለው። ድርድር ላይ ካሉት 6 ውስጥ ግለሰቡ 1 ብቻ ነው፣ 5ቱ ድርጅቶች ናቸው። ፕሮፎርማ ከያዙት 10 ውስጥ 4ቱ ግለሰቦች ናቸው፤ ከጠየቁት 20 ውስጥ 8ቱ። ግለሰብ ከድርድር በ5 ቀን፣ ከፕሮፎርማ በ15 ቀን ይከፍላል፤ ድርድር ከገቡት 86 በመቶው፣ ፕሮፎርማ ከያዙት 60 በመቶው። ድርጅት ግን ድርድር ከገባ በኋላ እንኳ 35 ቀን ይፈጃል፣ የሚሳካውም 46 በመቶው ነው።

ጥርን አሁን እናስላ። ከድርድሩ አንድ ግለሰብ፦ 170 ሺህ ብር ገደማ። ከአራቱ ፕሮፎርማዎች 2.4 ሽያጭ፦ 480 ሺህ። ከስምንቱ ጥያቄዎች 2.4 ሽያጭ ይጠበቃል፤ እነዚህ ግን 30 ቀን ስለሚፈጁ የወሩ ድንበር ላይ ይወድቃሉ። ግማሹን ለጥር፣ ግማሹን ለየካቲት እንስጥ፦ 240 ሺህ። ድምር 890 ሺህ ብር። መጀመሪያ 4 ሚሊዮን 640 ሺህ ነበር፣ ከዚያ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ሆነ፣ አሁን 890 ሺህ። አምስቱ ድርጅቶች ደግሞ ወደ የካቲት ተሻገሩ፤ 2.3 ሽያጭ ለ800 ሺህ ሲባዛ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ገደማ ነው። የግለሰቦቹ 240 ሺህ ሲጨመር የካቲት ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ከጥር መጀመሪያ በኋላ የሚደውሉ ግለሰቦች በዚህ ላይ ናቸው፤ የእነሱ 30 ቀን አጭር ነውና የካቲትን ይይዛሉ።

በቅልቅሉ አማካይ የተመራ ባለሱቅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ለጥር አራት መካከለኛ ፓምፕ ያዛል፤ የሚመጡት ግን ትንንሹን የሚፈልጉ አራት አምስት ግለሰቦች ናቸው፣ ገንዘቡ ዕቃ ላይ ይተኛል። በየካቲት ድርጅቱ ትዕዛዙን ፈርሞ ሲመጣ ደግሞ ትልቁ ፓምፕ መጋዘን የለም፤ ውጫሌ ሄዶ በተገኘበት ዋጋ ይገዛል። ትርፉ እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል።

«2.3 ሽያጭ ምን ማለት ነው? ሰው ተከፍሎ አይገዛ!» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ይህ ቁጥር የሚሠራው ብዙ ሽያጭ ሲኖር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በወሰን መናገር ይሻላል። ለጥር 4.5 ሽያጭ ከጠበቅን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ይሆናል። አምስቱ ድርጅቶች ግን ከ1 እስከ 4 ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ መጣ ቀረ ማለት 800 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ የግለሰቦቹን በስሌት፣ የድርጅቶቹን በስም መያዝ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ድርጅት ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ፈራሚው ማን እንደሆነ፣ በጀቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠየቅ። አምስት ስም ለማንም አይበዛም።

የበጀት ዓመቱ ሲነሳ ሌላ ጉዳይ መጣ። የመንግሥት ቢሮ የቀን አቆጣጠር እንደ ግለሰቡ ከጥያቄው ቀን አይነሳም፤ ከሰኔ 30 ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ያልወጣ በጀት ተመላሽ ስለሚሆን በግንቦትና በሰኔ 165 ቀን የሚፈጀው ነገር በሦስት ሳምንት ያልቃል። በሐምሌ ደግሞ የአዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ሁሉም ይቆማል። የእርዳታ ድርጅቶቹ ብዙዎቹ በፈረንጅ ዓመት ስለሚሠሩ የእነሱ ሩጫ በታኅሣሥ አካባቢ ነው። ድርቅ ሲታወጅ ደግሞ በአስቸኳይ የግዢ ሥርዓት ስለሚገዙ ወራት የሚፈጀው ወደ ሳምንታት ይወርዳል። ዝናቡ በተከታታይ የቀረባቸውን የ2013፣ የ2014ና የ2015 ዓ.ም. ወራት ከሰላሙ ዓመት ጋር ቀላቅሎ አማካይ የሚያወጣ ሰው የማይገኝ ገበያ እየተነበየ ነው።

ረመዳንም አለ። በጅግጅጋ በጾሙ ወር የቢሮ ሰዓት ያጥራል፣ «ከዒድ በኋላ እንነጋገር» ይበዛል። ወሩ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ፊት ስለሚቀድም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በ2015 ዓ.ም. ጾሙ የገባው መጋቢት 14 ገደማ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 11 ገደማ ነው። ለየካቲት የጠበቅናቸው አምስቱ ድርጅቶች ሥራቸው በቀጥታ እዚህ ላይ ይወድቃል። እኔ ብሆን ከ2.3ቱ ሽያጭ ቢያንስ አንዱን ወደ መጋቢት እገፋዋለሁ።

አሁን ወደ ሻዩ እንመለስና የሞቱትን እንቁጠር። እኛ አገር ደንበኛ «አልገዛም» አይልም፤ ነውር ይመስለዋል። «እናያለን» ብሎ ይሄዳል፣ ስሙም ደብተሩ ላይ ይቀራል። ዓመት ሲሞላ ደብተሩ በሙታን ተሞልቶ ጅምር ሽያጩ ያበጠ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ሙት ደግሞ በ40 በመቶ እየተባዛ ወደ ግምቱ ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከተሸጡት መካከል በጣም የዘገዩት እንኳ በስንት ቀን እንደከፈሉ እዩ። ለግለሰብ ፕሮፎርማ ከአሥሩ ዘጠኙ በ30 ቀን ውስጥ ከከፈሉ፣ 30 ቀን ያለፈው ፕሮፎርማ 60 በመቶ አይገባውም። ወደ ሌላ ገጽ ይውጣ፤ ተመልሶ ከመጣ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የወጣበት ቀንም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ዓመት የመሻገሪያው መጠን ራሱ ይበላሻል።

ከባንክ ሙራባሃ የሚጠብቅ ደንበኛ ግን በዚህ አይዳኝ። ባንኩ ዕቃውን ከሱቁ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ ስለሚሸጥ ቀኑ በባንኩ ውሳኔ ይለጠጣል። እንደ ሸበሌ ያለ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅግጅጋ የሆነ ባንክ ባለበት ከተማ እንዲህ ያለ ደንበኛ ብርቅ አይደለም። ሦስተኛ ዝርዝር ይከፈትለት።

አንድ ቀን ግን የትኛውም ደብተር አላዳነም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተጻፈ የፓምፕ ፕሮፎርማ ሁሉ በአንድ ጊዜ የማይሆን ዋጋ ሆነ። የግለሰቡ 60 በመቶ ከዚያ በፊት የተሰላ ከሆነ የሌላ ዘመን ቁጥር ነው። መንጋችንን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመርኩትም ለዚሁ ነበር። ዋጋው፣ ድንበሩ ወይም የግዢ ሕጉ በድንገት ሲለወጥ የድሮውን መጠን ይዞ መቀጠል አያዋጣም፤ ፕሮፎርማው ላይ የሚጸናበትን ቀን አሳጥሮ፣ አዲስ መንጋ እስኪሞላ በስም መቁጠር ይሻላል።

ግምቱ መበላሸቱን እንዴት ታውቃላችሁ? በየወሩ 1 ቀን የጻፋችሁትን ግምት አትሰርዙት። ወሩ ሲያልቅ የገባውን ከጎኑ ጻፉ፣ ግለሰብና ድርጅት ለየብቻ። ከሦስት ወር በሦስቱም የገባው ካነሰ፣ ግን ደንበኞቹ ቆይተው ከከፈሉ፣ ቀኑ ነው የተሳሳተው። ጨርሰው ካልመጡ የመሻገሪያው መጠን ነው። ሽያጩ በቁጥር ልክ ሆኖ ብሩ ካነሰ ዋጋው ነው፣ ቅናሹ በዝቷል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ኮምፒውተር ያለው በአንድ የኤክሴል ገጽ ይጨርሰዋል፤ የሌለው በደብተር። ለእያንዳንዱ ጅምር ሽያጭ የገዢው ዓይነት፣ የጥያቄው ቀን፣ የፕሮፎርማው ቀን፣ ድርድሩ የተጀመረበት ቀን፣ የቀብዱ ወይም የሞቱ ቀን፣ የብሩ መጠን ይበቃል። ቀኖቹን ሳይጽፉ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ እነሱን ማንም ሊያግዛቸው አይችልም። እናንተ ከዛሬው ደንበኛ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው የራሳችሁ ቁጥር ለግለሰቦቹ በሁለት ሦስት ወር፣ ለድርጅቶቹ ከመንፈቅ በኋላ ይደርስላችኋል።